ጄ አርን የተኮሰበት ማን ነው? የተንጠለጠለ ምዕራፍ ጥበብና ትዝታ

ቀኑ እ.ኤ.አ. ማርች 21 ቀን 1980፣ ዕለቱም ዓርብ ነበር። የአሜሪካው ሲቢኤስ ቴሌቪዥን «ዳላስ» የተሰኘውን ተከታታይ ድራማ የሦስተኛ ምዕራፍ መዝጊያ እያስተላለፈ ነው። በድራማው ውስጥ ሌሊት ነው፤ የነዳጅ ከበርቴው ጄ አር ዩዊንግ ቢሮው ውስጥ ብቻውን ይታያል። ድምፅ ሰምቶ ሊያይ ይወጣል። ፊቱ የማይታይ ሰው ሁለት ጊዜ ይተኩስበታል። ጄ አር ይወድቃል፣ ምዕራፉም እዚያው ላይ ያልቃል።

ተኳሹ ማን እንደሆነ የታወቀው ልክ ከስምንት ወር በኋላ፣ ኖቬምበር 21 ቀን 1980 ነው። በዚያ ምሽት አሜሪካ ውስጥ ብቻ 83 ሚሊዮን ያህል ሰው ድራማውን ተከታተለ። የአገሪቱ ሕዝብ በዚያ ዓመት ቆጠራ 226 ሚሊዮን ገደማ ነበርና፣ ከሦስት ሰው አንዱ በላይ አንድ ታሪክ ለማየት ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ከተከፈቱት መቶ ቴሌቪዥኖች ሰባ ስድስቱ «ዳላስ» ላይ ነበሩ።

አማርኛ እንዲህ ላለው አጨራረስ የተዘጋጀ ቃል አለው፤ «ልብ አንጠልጣይ» እንላለን። እንግሊዞች ደግሞ ገደል ላይ በእጁ ተንጠልጥሎ የቀረ ሰው ብለው ይሰይሙታል። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ቶማስ ሃርዲ በመጽሔት ተከታታይ ሆኖ በታተመ ልቦለዱ አንዱን ገጸ ባሕርይ በእርግጥም ከባሕር ገደል ላይ አንጠልጥሎ ትቶታል። ሆኖም ገደል ላይ የሚቀረው ሰውዬው ቢሆንም የሚንጠለጠለው የእኛ ልብ ነውና፣ የአማርኛው ቃል ወደ ቁም ነገሩ የቀረበ ይመስለኛል። እዚህ የማነሣቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ የድራማ ሠሪዎች ምዕራፍን እንዲህ የሚዘጉት ለምንድን ነው? እኛስ ከዓመታት በኋላ የትኛው ድራማ ተንጠልጥሎ እንዳለቀ የምናስታውሰው እንዴት ነው?

የመጀመሪያው መልስ ያለው በቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። በዚያን ዘመን የአሜሪካ ትልልቅ ጣቢያዎች አዳዲስ ድራማዎችን የሚያሳዩት በበልግ ጀምረው እስከ ፀደይ ነበር። በጋው በድጋሚ ስርጭት ያልፋል። ጣቢያው የሚኖረው ማስታወቂያ በመሸጥ ነው፤ የማስታወቂያው ዋጋ የሚወሰነው ደግሞ በተመልካች ብዛት ነው። እንግዲህ ተመልካች ለወራት ሲለያችሁ ምን ይሆናል? ሌላ ጣቢያ ይለምዳል፤ ወይም ዓርብ ማታ መውጣት ይጀምራል። በመስከረም ሊመልሰው የሚችል ነገር ከመለያየታችሁ በፊት መሰጠት አለበት። ምዕራፉን በሰላም ዘግታችሁት ከሆነ ሸኝታችሁታል። በጥያቄ ዘግታችሁት ከሆነ ግን መያዣ ይዛችሁበታል።

ጊዜውም በዘፈቀደ አልተመረጠም። የተመልካች ቁጥር በአገር አቀፍ ደረጃ በስፋት የሚለካባቸውና የየአካባቢው ጣቢያዎች የማስታወቂያ ዋጋ የሚቆረጥባቸው የታወቁ ወራት አሉ። ከእነዚህ መካከል ኖቬምበርና ሜይ ይገኙበታል። ከጊዜ በኋላ የምዕራፍ መዝጊያዎች በሜይ የበረከቱት ለዚህ ነው። የጄ አር ተኳሽ የተገለጠችበት ኖቬምበርም ከመለኪያ ወራቱ አንዱ ነበር።

ጥያቄው የተወለደበት ሁኔታ ግን ከዚህ ሁሉ ስሌት የቀለለ ነው። «ዳላስ» በ1978 በአምስት ክፍል ብቻ ለሙከራ የጀመረ ድራማ ነው። በሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ተወዳጅነቱ ሲጨምር ሲቢኤስ ቀድሞ ካዘዘው በላይ ተጨማሪ ክፍሎች እንዲሠሩ ጠየቀ። ጸሐፊዎቹ ለምዕራፉ ያሰቡትን መዝጊያ ጨርሰው ነበርና ሌላ የሚበልጥ መዝጊያ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ክፉው ሰው ይተኮስበት የሚለው ሐሳብ የመጣው በዚህ ጭንቀት መሐል ነው። ተኳሹ ማን ይሁን የሚለውን በኋላ ሊወስኑ ይችሉ ነበር።

ሐሳቡ የሠራው ግን መሬቱ የተዘጋጀ ስለነበር ነው። ጄ አር እስከዚያ ድረስ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ሰውን ሁሉ ጠላት አድርጎ ነበር። ባንከኛውን ቮን ሊላንድንና የነዳጅ ነጋዴ ባልደረቦቹን፣ በእስያ ያሉ የነዳጅ ጉድጓዶች ሊወረሱ መሆኑን እያወቀ ሸጦላቸው አክስሯቸዋል። ሚስቱን ሱ ኤለንን ወደ አእምሮ ሕሙማን ማቆያ ሊመልሳት ይዝት ነበር። የሚስቱን እኅት ክሪስቲንን ውሽማው አድርጎ ሲያበቃ ከከተማው ሊያባርራት ተነሥቷል። ክሊፍ ባርንስ ደግሞ የቆየ የቤተሰብ ደመኛው ነው። ጥይቱ ሲጮህ ተመልካቹ ሁሉንም ያውቃቸዋል፤ የእያንዳንዳቸውን ምክንያትም ያውቃል። ስለዚህ በማግስቱ በሥራ ቦታ ክርክር ለመግጠም ሌላ ምንም ዝግጅት አያስፈልገውም ነበር።

ጥሩ የተንጠለጠለ ምዕራፍ ከመጥፎው የሚለየው በዚህ ነው። ጥያቄው በአንድ ዐረፍተ ነገር ይነገራል፤ ድራማውን ያላየ ሰው እንኳ ይረዳዋል። መላምት ለመስጠት የሚያስፈልገው ማስረጃም ቀድሞ በታሪኩ ውስጥ ተዘርቷል። ሦስተኛ ነገር እጨምራለሁ፤ እኛ የማናውቀውን ነገር የታሪኩ ሰዎችም አያውቁትም። ጄ አር ራሱ ማን እንደተኮሰበት አላየም። ፖሊሱም አያውቅም። ሱ ኤለን እንኳ ሰክራ ስለነበር ራሷን ትጠራጠራለች። የእኛ ጥያቄና የእነሱ ጥያቄ አንድ ነው፤ አብረናቸው እንፈልጋለን።

ይህ ሦስተኛው ነገር ሲጎድል የሚሆነውን በ2016 «ዘ ዎኪንግ ዴድ» አሳይቶናል። በስድስተኛው ምዕራፍ መዝጊያ ኔጋን የተባለው ጨካኝ መሪ ተንበርክከው ከተሰለፉት ዋና ገጸ ባሕርያት አንዱን በዱላ ይመታል። ካሜራው በተመቺው ዐይን ስለሚያሳየን የተመታው ማን እንደሆነ አናይም። ለስድስት ወር ያህል ጠበቅን። ነገር ግን እዚያ የተንበረከኩት ሁሉ ማን እንደተመታ በዐይናቸው አይተዋል። ምሥጢሩ የተደበቀው ከእኛ ብቻ ነበር። ብዙ ተመልካቾች የተቆጡት ለዚህ ነው፤ ታሪኩ ያልጠየቀውን ጥያቄ ካሜራው ጠየቀ። ያን መዝጊያ ዛሬም እናስታውሰዋለን፤ የምናስታውሰው ግን እንደተታለለ ሰው ነው።

ወደ «ዳላስ» እንመለስ። ያ ጥያቄ በአሜሪካ የበጋ ወራት ከቴሌቪዥን ወጥቶ በየመንገዱ ሄደ። ጥያቄው በካናቴራ ላይ ታተመ። በእንግሊዝ አገር አቋማሪዎች ገንዘብ ተቀበሉበት። ዓመቱ ካርተርና ሬገን የሚፎካከሩበት የምርጫ ዓመት ስለነበር፣ የሪፐብሊካን ደጋፊዎች ተኳሹ ዴሞክራት ነው የሚል ባጅ ደረታቸው ላይ አደረጉ። ጄ አርን የሚጫወተው ላሪ ሃግማን ደግሞ በዚያው በጋ የክፍያ ጭማሪ ካልተደረገልኝ አልመለስም አለ። የገጸ ባሕርዩ መሞትና መትረፍ ገና ያልተወሰነ በመሆኑ አዘጋጆቹ አቋማቸውን ለማጥበቅ ሊጠቀሙበት ይችሉ ነበር። አገር ሁሉ የሚጠብቀው ሰው በመሆኑ ግን ጉልበቱ ወደ ተዋናዩ አዘነበለ፤ ሃግማን የፈለገውን አግኝቶ ተመለሰ። በዚህ ላይ የተዋንያን ማኅበር አድማ መታ፤ ቀረጻው ዘገየ። አዲሱ ምዕራፍ የጀመረው ኖቬምበር 7 ነው፤ መልሱ የተሰጠው ደግሞ በአራተኛው ክፍል ላይ ነው። ምሥጢሩ እንዳይወጣ የተለያዩ ሰዎች ሲተኩሱ የሚያሳዩ ትዕይንቶች ተቀረጹ። በመጨረሻ ተኳሿ ክሪስቲን ሆና ተገኘች፤ የተጫወተቻትም ሜሪ ክሮዝቢ ነበረች።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ። ይህን መዝጊያ በዚያ ዘመን የነበሩ ሰዎች ለምን አልረሱትም?

በዚህ ነገር ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የብሉማ ዛይጋርኒክ ጥናት ነው። ዛይጋርኒክ በርሊን ውስጥ በኩርት ሌቪን ሥር ትማር የነበረች ሥነ ልቦና ተመራማሪ ናት። በ1927 ባሳተመችው ሥራ ለሰዎች ወደ ሃያ የሚጠጉ ትንንሽ ተግባራትን ሰጠች። ግማሾቹን እንዲጨርሱ ተወቻቸው፤ ግማሾቹን ግን መሐል ላይ አቋረጠቻቸው። በኋላ ምን ምን እንደሠሩ ስትጠይቃቸው የተቋረጠውን ከተጨረሰው አብልጠው አስታወሱ። ያልተቋጨ ነገር በአእምሮ ውስጥ እንደተወጠረ ይቆያል የሚለው ሐሳብ ከዚህ የመነጨ ነው።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። ጥናቱን ደግመው የሞከሩ ሌሎች ሁልጊዜ ተመሳሳይ ውጤት አላገኙም። ይልቅ ጠንክሮ የቆየው የባልደረባዋ የማሪያ ኦቭሲያንኪና ግኝት ነው። እሷ ያየችው፣ የተቋረጡ ሰዎች ዕድል ሲያገኙ ማንም ሳያዝዛቸው ወደ ተቋረጠው ሥራ እንደሚመለሱ ነው። ለቴሌቪዥን ጣቢያ የሚጠቅመው በእርግጥ ይኸኛው ነው። ልብ የተንጠለጠለበት ሰው ታሪኩን በዝርዝር ላያስታውስ ይችላል፤ ሊቋጨው ግን ይመለሳል።

ታዲያ ትዝታው ከየት ይመጣል? እኔ እንደማምነው ከጥይቱ ይልቅ ከጥበቃው ነው። አንድን ነገር ደጋግመን ካነሣነው፣ በተለይም በቀናትና በሳምንታት ርቀት ካነሣነው፣ በትዝታ ውስጥ ሥር ይሰድዳል። ይህ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ሐቅ ነው፤ በአንድ ሌሊት የተሸመደደ ይጠፋል፣ እየተመላለሱ ያጠኑት ይቀራል። የጄ አር ጥያቄ ለስምንት ወር በየቤቱና በየሥራ ቦታው ተጠንቷል። ሰዎች መላምት ሰጥተዋል፣ ተከራክረዋል፣ ተወራርደዋል። አንድ ሰው «እኔ ክሊፍ ነው ብዬ ነበር» ሲል የሚያስታውሰው ድራማውን ብቻ አይደለም፤ የራሱን ቃል፣ የተናገረበትን ቦታና የሰማውን ሰው ጭምር ነው። ትዝታው የሚያዝበት እጀታ ይህ ነው።

ስለዚህም ሰው የትኛው ድራማ ተንጠልጥሎ አለቀ ተብሎ ሲጠየቅ ከምዕራፍ ቁጥር ተነሥቶ አያስብም። ጥያቄ የቀረለትን ድራማ ይፈልጋል። በሰላም የተዘጋ ምዕራፍ የሚያዝበት ስለሌለው፣ ያማረ ቢሆን እንኳ ከሌሎቹ ጋር ተደባልቆ ይጠፋል። እዚህ ላይ ግን ስሕተትም ይገባል፤ ጥያቄውን እንጂ ክፍሉን ስለማናስታውስ መዝጊያውን ከመልሱ እንቀላቅላለን።

ለዚህ የተሻለ ምሳሌ ያለው በዚያው በ«ዳላስ» ውስጥ ነው። የጄ አር ወንድም ቦቢ በሜይ 1985 መዝጊያ ላይ በመኪና ተገጭቶ ሞተ፤ ተዋናዩ ፓትሪክ ደፊ ድራማውን መልቀቅ ፈልጎ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ሜይ 16 ቀን 1986፣ የቦቢ ሚስት የነበረችው ፓም ከእንቅልፏ ትነቃለች፤ የመታጠቢያ ቤቱን በር ስትከፍት ሞቷል የተባለው ቦቢ ገላውን ሲታጠብ ታገኘዋለች። ዞር ብሎ ደህና አደርሽ ይላታል። ምዕራፉ አለቀ።

ይህን ክፍል ያየ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወራው «ያ ዓመት ሁሉ ሕልም ነበር ተብሎ ያለቀበት ጊዜ» ብሎ ነው። ሆኖም በዚያ መዝጊያ ላይ ስለ ሕልም የተነገረ ነገር የለም። ሕልም መሆኑ የተገለጸው ሴፕቴምበር 26 ቀን 1986 አዲሱ ምዕራፍ ሲከፈት ነው። በመካከል ያሉት አራት ወራት ሰዎች ይህ ሰው ማን ነው፣ መንታ ነው ወይስ አስመሳይ ብለው ሲገምቱ ያለፉ ናቸው። ትዝታ ጥያቄውንና መልሱን አጣብቆ አንድ ትዕይንት አደረጋቸው። በዚያው መዝጊያ ላይ ሰው የሞተበት ፍንዳታም ነበር፤ እሱን የሚያነሣ ሰው ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዓመቱ ሕልም ከሆነ ፍንዳታውም የለም፣ ጥያቄውም አብሮ ጠፋ።

እንግዲህ አንድ ድራማ በእርግጥ ተንጠልጥሎ አልቆ እንደሆነ ለማጣራት የምትፈልጉ፣ ትዝታችሁን ሦስት ነገር ጠይቁት። አንደኛ፣ መልሱን ከማወቃችሁ በፊት ስትጠብቁ የነበረበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ? ጥበቃው ከሌለ ምናልባት የመዝጊያው ዋዜማ ክፍል ወይም የምዕራፉ አጋማሽ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ቀጣዩ ምዕራፍ ሲከፈት ታሪኩ ካቆመበት ደቂቃ ነው ወይስ ከወራት በኋላ ነው የቀጠለው? የተንጠለጠለ ምዕራፍ ብዙውን ጊዜ የሚቀጥለው ከዚያው ደቂቃ ነው። ሦስተኛ፣ ጥያቄው ወደፊት የሚመለስ ነበር ወይስ ለእናንተ ግምት የተተወ? ለግምት የተተወ አጨራረስ ክፍት ፍጻሜ ይባላል፤ ደራሲው መልስ አልሰጥም ብሎ የወሰነበት ነው። የተንጠለጠለው ግን ቃል የተገባበት ነው።

ቃል ስለሆነም ላይከበር ይችላል። ጣቢያው ድራማውን ካቆመው ጥያቄው ለዘላለም ገደሉ ላይ ይቀራል። «አልፍ» የተሰኘው አስቂኝ ድራማ ማርች 24 ቀን 1990 ያለቀው፣ ከሌላ ዓለም የመጣው ፍጡር የገዛ ወገኖቹ ሊወስዱት ሲሉ በመንግሥት ወታደሮች ተከብቦ ነው። ቀጣይ ምዕራፍ አልተፈቀደለትም። ድራማውን የወደዱት ሕፃናት ምን እንደደረሰበት ያዩት በ1996 በወጣ አንድ ፊልም ነው። «ዳላስ» ራሱም ሜይ 3 ቀን 1991 ለመጨረሻ ጊዜ ሲዘጋ፣ ጄ አር ሽጉጥ ይዞ ሳለ የተኩስ ድምፅ ይሰማል፤ ቦቢ በሩን ከፍቶ ያየውን አይቶ ይደነግጣል። እኛ ግን ያየውን አላየንም። መልሱ አምስት ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ በኖቬምበር 1996 በቴሌቪዥን ፊልም መጣ። በ2012 እንደገና የተጀመረው «ዳላስ»ም በ2014 በመኪና ፍንዳታ ምዕራፉን ዘጋ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ድራማው እንደማይቀጥል ተነገረ። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ዛሬ ደግሞ ነገሩ በሌላ መንገድ ተለውጧል። ኔትፍሊክስ በፌብሩዋሪ 2013 «ሃውስ ኦፍ ካርድስ»ን ሙሉውን ምዕራፍ በአንድ ቀን ከለቀቀ ወዲህ፣ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ባሉ ክፍሎች መካከል ጥበቃ የሚባል ነገር እየቀረ መጥቷል። ያለቁ ድራማዎችን ዘግይተን ስናይማ በምዕራፎች መካከል ያለው ጊዜም ወደ ጥቂት ሰከንዶች ይወርዳል። በእኛም አገር በቃና ቴሌቪዥን ወደ አማርኛ ተመልሰው በየዕለቱ የሚቀርቡ የውጭ ድራማዎችን የተከታተለ ሰው ይህን ያውቀዋል። ልብ የሚንጠለጠለው በየምሽቱ ነው፤ የሚወርደውም በማግስቱ ነው። ሠሪዎቹ ምዕራፉን የት እንደዘጉት ተመልካቹ ላያስተውል ይችላል። ታሪኩን ቢወደውም የትኛው ክፍል መዝጊያ እንደነበር ቢጠየቅ የሚናገረው ያጣል፤ አልጠበቀውማ።

የተንጠለጠለ ምዕራፍ በመሠረቱ ብድር ነው። ደራሲው የወራት ትዕግሥታችንን ይበደራል፤ የሚከፍለውም በመልስ ነው። በ1980 የተበደረው ከሁሉም ሰው ነበር፤ ታሪኩ ቀድሞ ባሳየን ምክንያት፣ ቀድሞ በምናውቃት ሴት፣ በቀጠረው ምዕራፍ ውስጥ ከፈለ። ያንን ምሽት በቴሌቪዥን ታሪክ ውስጥ ያስቀመጠው የሁለቱ ጥይት ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ዕዳው ተከፍሏል። አንድ ምዕራፍ ልባችሁን አንጠልጥሎ ሲተዋችሁ ቀጣዩን ወዲያው አትክፈቱ። አንድ ሳምንት ያህል ቆዩ፤ ከምትወዱት ሰው ጋር ተወያዩበት፣ ግምታችሁንም ተናገሩ። መልሱ ሲመጣ ደራሲው ዕዳውን መክፈል አለመክፈሉን በትክክል መፍረድ የምትችሉት ያን ጊዜ ነው።